«ፐርሰንት እናወርዳለን» ለሚሏችሁ ቴሲሳችሁን አትስጡ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ቴሲስ ለምታስገቡ ነው። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዳንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቆች በር ላይ «ፕላጃሪዝም እናወርዳለን» የሚል ወረቀት አይታችሁ ይሆናል። ለማተምና ለመጠረዝ ሂዱ፣ ጎበዝ ልጆች አሉ። ፐርሰንት ለማስወረድ ግን ፍላሻችሁን አትስጡ። እኔ ሰጥቼ 2,500 ብርና ሦስት ሳምንት አጥቻለሁ።

ርዕሴ የደም ግፊት ነበር። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ሪፖርት 38 ከመቶ ሲሚላሪቲ አወጣ፣ ጽሁፌ ከሌሎች ጽሁፎች ጋር የሚመሳሰልበት መጠን ማለት ነው። ደነገጥኩ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ «አታስቢ እህቴ፣ በሁለት ቀን ከ15 በታች አደርግልሻለሁ» አለኝ። እንዳለውም በሁለተኛው ቀን 11 ከመቶ የሚል ሪፖርት አትሞ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ እሱ የመለሰልኝን ቴሲስ ሳላነበው ለአድቫይዘሬ ላክሁት።

በማግስቱ ዶክተሩ ቢሮ ጠራኝና ገጽ 14 ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «ሰርኩላቶሪ ስትሬይን» ይላል። እኔ የጻፍኩት «ብለድ ፕሬሸር» ነበር። ልጁ የተጠቀመበት ቃል ቀያሪ ሶፍትዌር «ብለድ»ን ለብቻው፣ «ፕሬሸር»ን ለብቻው አይቶ ለየአንዳንዳቸው ምትክ ፈልጎ ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ የአንድ ነገር ስም መሆናቸውን አያውቅም። በአማርኛ «የደም ግፊት» የሚለውን «የዝውውር ጫና» ብሎ እንደ መጻፍ ነው፣ ማንም ሐኪም እንደዚያ አይልም።

ይሄ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ በኋላ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጊዮም ካባናክ፣ ሲሪል ላቤ እና አሌክሳንደር ማጋዚኖቭ የሚባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ዓይነቶቹን «ቶርቸርድ ፍሬዝስ» ብለው ስም ሰጥተዋቸዋል፣ የተሰቃዩ ሐረጎች እንደማለት። የጡት ካንሰር ማለትም «ብሬስት ካንሰር» ተቀይሮ «ቡዝም ፔሪል» ሆኖ በታተመ ጽሁፍ ውስጥ ተገኝቷል። ሐረጎቹን እየሰበሰቡ በታተሙ ጥናቶች ውስጥ የሚያድን ፕሮግራምም አላቸው። ስለዚህ የተቀየረው ቃል ራሱ እንደ አሻራ ነው፣ አንዴ ከታወቀ ፈልጎ ማግኘቱ ቀላል ነው።

እንግዳ ቃል ቢያንስ ዓይን ላይ ይወድቃል። እኔን የጎዳኝ ግን ዓይን ላይ የማይወድቀው ነው። አንድ ጥናት ጠቅሼ የደም ግፊት «ፕሪቫለንስ» 25 ከመቶ መሆኑን ጽፌ ነበር። ሶፍትዌሩ «ፕሪቫለንስ»ን «ኢንሲደንስ» አደረገው። ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፣ ሰዋስዉም ልክ ነው። ትርጉሙ ግን ሌላ ሆኗል። የመጀመሪያው በጥናቱ ወቅት ከመቶ ሰው ሃያ አምስቱ የደም ግፊት ነበረባቸው ማለት ነው፣ የቆየበትም አዲስ የያዘውም ተደምሮ። ሁለተኛው ግን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከጤነኞቹ መካከል አዲስ የያዛቸው ሃያ አምስት ናቸው ይላል። ቁጥሩ አልተነካም፣ የተጠቀሰው ደራሲ ስምም እዚያው አለ። እንግዲህ ያ ሰው ያላለውን ብሏል ብዬ በስሜ ላስገባ ነበር ማለት ነው።

ሳይቴሽኑ ላይ ያደረገው ደግሞ ይብሳል። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስቀመጥኩትን የሌላ ሰው ንግግር ሳይቀር ቃላቱን ለዋውጦታል፣ ትምህርተ ጥቅሱን ግን አልነካም። ይሄ የፈጠራ ጥቅስ ነው። «ያንግ» የሚባል ደራሲ ስም «ዩዝፉል» ሆኗል፣ ስሙን ወጣት ማለት መስሎት። ከኋላ ባለው ሪፈረንስ ዝርዝር ላይ ያንግ እንዳለ ነው፣ ስለዚህ ምንጩን ልፈትሽ የሚል አንባቢ ዩዝፉል የሚባል ሰው ፈልጎ አያገኝም። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር አንድ አድርጎ የእኔን አስተያየትና የደራሲውን ግኝት ቀላቅሏል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሳይቴሽን አለ፣ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

«እሺ፣ ግን ፐርሰንቱ ወርዷል» ትሉኝ ይሆናል። እሱ ባለው ልክ አልወረደም። ትምህርት ቤቱ ድጋሚ ሲያስገባው 27 ከመቶ አለ። እንዴት? ሪፖርቱ ላይ ማጣሪያ አለ። ሪፈረንሱን፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን፣ አጫጭር ተመሳሳይነቶችንም ከቁጥር ማስወጣት ይቻላል። ልጁ ሁሉንም አስወጥቶ ነው 11 ብሎ ያተመልኝ። በኋላ ዶክተሩ አስቀምጦ ሲያሳየኝ ከመጀመሪያው 38 ውስጥ ብዙው የሪፈረንስ ዝርዝሬና ከታወቀ መጠይቅ የወሰድኩት ጥያቄ ነበር፣ ማንም የማይጠይቀኝ ነገር። የቀረውን ሁለት አንቀጽ ብቻ በራሴ ቃል እንደገና ብጽፍ ያበቃ ነበር።

የቀረው 27 ለምን ተያዘ ብትሉ፣ መፈተሻው አንድ አንድ ቃል አይደለም የሚያየው፣ ተከታታይ ቃላትን ነው። ሶፍትዌሩ ከአምስት ቃል አንዱን ቢቀይር በመሃል ያሉት አራቱ እንዳሉ ይቀራሉ። ቁጥሮች፣ የቦታ ስሞች፣ የመድኃኒት ስሞች አይቀየሩም። የዓረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተልና ሳይቴሽኖቹ የሚመጡበት ተራም ያው ነው። በዚያ ላይ ተርንኢትን የሚባለው መፈተሻ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በኤአይ ተጽፎ በመቀየሪያ ሶፍትዌር ያለፈ የሚመስለውን የእንግሊዝኛ ጽሁፍ ለብቻው ያመለክታል። እርግጥ ይሄኛው ግምት ነው፣ ሊሳሳትም ይችላል፣ ግን ሪፖርቱ ላይ ከወጣ መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሪፖርቱ «የተተኩ ፊደላት» የሚል ቀይ ምልክት ይዞ መጣ። ልጁ በብዙ ቃላት ውስጥ የላቲኑን «ኤ» አውጥቶ በመልክ አንድ የሆነውን የሩሲያ ፊደል አስገብቷል፣ መፈተሻው ቃሉን እንዳያውቀው። በዓይን አይለይም። መፈተሻው ግን ይለየዋል፣ ትምህርት ቤቱም ይህን እንደ ስህተት ሳይሆን እንደ ማታለል ነው የሚያየው። እኔ አላደረግሁትም ብዬ ለማስረዳት የሱቁን ደረሰኝ ይዤ መሄድ ነበረብኝ፣ ደረሰኝ ደግሞ አልሰጠኝም።

ፋይላችሁን ቀድማችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ይህን አድርጉ። የመለሱላችሁን ፋይል በዎርድ ክፈቱና Ctrl+F ተጭናችሁ በየገጹ ያለ አንድ ቃል፣ ለምሳሌ የርዕሳችሁን ዋና ቃል፣ በራሳችሁ ኪቦርድ ጻፉ። ዓይናችሁ የሚያየውን ቃል ፍለጋው ካላገኘው ፊደሉ ተቀይሯል። ከዚያ Review ውስጥ Compare የሚለውን ተጭናችሁ የድሮውን ፋይል ከአዲሱ ጋር አስተያዩ፣ የተነካው ሁሉ በቀለም ይወጣል። የእኔ ቻፕተር ቱ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። አዲሱን ጥዬ ከድሮው ጀመርኩ። የድሮውን ባላስቀምጥ ኖሮ ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር፣ እና እባካችሁ ዋናውን ፋይል ኢሜይላችሁ ላይ ላኩትና አስቀምጡት።