ቻሪቲ ወይስ ሲአይሲ? ሰብሳቢዋ ሲከፈላት

እንግሊዝ ውስጥ ትርፍ የማያከፋፍል የማኅበር ኩባንያ ስታቋቁሙ ቻሪቲ፣ ማለትም የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ወይም ባለአክሲዮን የሌለው ሲአይሲ፣ ማለትም ለማኅበረሰብ ጥቅም የሚቋቋም ኩባንያ፣ ትመርጣላችሁ። ልዩነቱ የሚጎላው ከዳይሬክተሮቹ አንዷ የሆነችው ሰብሳቢ «የቅዳሜውን የአማርኛ ክፍል በ40 ፓውንድ ላስተምር» ስትል ነው።

ቻሪቲ ላይ ዳይሬክተሩ ባለአደራም ስለሆነ በመርህ ደረጃ በነጻ ነው የሚያገለግለው። ለማስተማሩ ግን በፈረንጆቹ የ2011 የቻሪቲዎች ሕግ መክፈል ይቻላል፤ የጽሑፍ ውል ይኑር፣ ዋጋው ተገቢ ይሁን፣ የሚከፈላቸው ከባለአደራዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ይሁኑ፣ ሲወሰን ደግሞ እሷ አትኑር። መተዳደሪያ ደንቡ ከከለከለ ግን አለቀ። ቋሚ ቅጥር ከሆነም ይህ መንገድ አይሠራም።

ሲአይሲ ላይ ዳይሬክተሮች ተገቢ ደመወዝ ይወስዳሉ፤ መጠኑ በየዓመቱ በ`CIC34` ቅጽ ለሕዝብ ይወጣል። እሷም ጥቅሟን ለቦርዱ ማሳወቅ አለባት። የቻሪቲው የግብር እፎይታ ግን ይቀራል። ደመወዝ የሚሻ መሪ ካላችሁ እኔ ሲአይሲን ነው የምለው።