«ፋኑ ተቃጥሏል» ከተባላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም ጎንደሮች። ይህን የምጽፈው ላፕቶፕ ለጥገና ለምትወስዱ ሁሉ ነው፤ በተለይ ለተማሪዎች። ታናሽ ወንድሜ ማራኪ ግቢ ይማራል። የላፕቶፑ ፋን ምንም ሳይሠራበት፣ እንዲሁ ተከፍቶ ተቀምጦ እንኳ፣ ይጮህበት ነበር። እኔ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነኝ፤ ያኔ ግን ለሥራ ከከተማ ወጥቼ ነበር። ፈተና ስለደረሰበት ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። ባለሙያው ላፕቶፑን ሳይከፍት፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ፋኑ ተቃጥሏል፣ ይቀየራል» አለው። 4,500 ብር ከፈለ። ላፕቶፑን ሲረከብ ጩኸቱ ጭራሽ ብሶ ቆየው።

ስመለስ ራሴ ፈታሁት። ያየሁት ነገር አናድዶኛል፤ ሌላ ሰው ላይ እንዲደርስም አልፈልግም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። የተቃጠለ ፋን አይጮህም፤ ይቆማል። ኩሽኔታው ያለቀ ፋን ደግሞ ይንገጫገጫል፣ ያፏጫል፣ ላፕቶፑን ስታዘነብሉት ድምፁ ይቀያየራል። ድምፁ ወጥ የሆነ ኃይለኛ የነፋስ ድምፅ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋኑ ራሱ ደህና ነው። የታዘዘውን እየሠራ ነው። መጠየቅ ያለበት «በፍጥነት ዙር ብሎ ያዘዘው ማን ነው?» ተብሎ ነው።

መልሱን ለማግኘት ብር አያስፈልግም። ላፕቶፑን ክፈቱና አሥር ደቂቃ ያህል ሳትነኩት ተዉት። ዊንዶውስ እንደተከፈተ አፕዴትና የቫይረስ ፍተሻ ስለሚያካሂድ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፋኑ ቢጮህ አይገርምም። ከዚያ `Ctrl + Shift + Esc` ተጫኑ። `Task Manager` ሲመጣ `CPU` የሚለውን ዓምድ እዩ። ምንም ሳትሠሩ ቁጥሩ ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። 40 ወይም 60 በመቶ ላይ ከቆመ ችግሩ ፋኑ ሳይሆን ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ `CPU` የሚለውን ስትጫኑት ስሙ ከላይ ይመጣል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በፍላሽ ከሚዞሩ ክራክ ፕሮግራሞች ጋር ተደብቀው የሚገቡ፣ በእናንተ ላፕቶፕ ክሪፕቶ የሚቆፍሩ ቫይረሶች አሉ። አንዳንዶቹ `Task Manager` ሲከፈት ሥራቸውን ያቆማሉ። ስትከፍቱት ፋኑ ጸጥ ብሎ፣ ስትዘጉት ተመልሶ የሚጮህ ከሆነ በእርግጠኝነት እሱን ጠርጥሩ። ለዚህ ፋን መቀየር ምንም አይፈይድም።

የወንድሜ `CPU` 3 በመቶ ላይ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራም አይደለም። ቀጥሎ የሚታየው ሙቀቱ ነው። `HWiNFO` ወይም `Core Temp` በነፃ ይገኛሉ፤ የፕሮሰሰሩን ሙቀት በዲግሪ ያሳያሉ። ሥራ ሳይኖር ከ40 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ጤነኛ ነው። ሥራ ሳይኖር 75 እና 80 ከሆነ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ እጃችሁን አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አድርጉ። ፋኑ እየጮኸ የሚወጣው አየር ደካማ ከሆነ መንገዱ በአቧራ ተዘግቷል። አየሩ በደንብ እየወጣ፣ ግን ለብ ያለ ብቻ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ከጋለ ደግሞ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳቡ የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ተርማል ፔስቱ፣ ደርቋል። ሁለቱም በጽዳትና በፔስት ቅያሪ ይፈታሉ። የጎንደር አየር ላፕቶፕ የሚያግል አይደለም፤ ስለዚህ «ከአየሩ ነው» ቢሏችሁ አትቀበሉ።

የወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ያጋጠመኝ ግን ከዚህም የተለየ ነበር። ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ላፕቶፕ ጠዋት ሲበራ፣ ዊንዶውስ ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ ፋኑ ቢበዛ ለጥቂት ሰከንድ ጮኾ ዝም ማለት አለበት። የእሱ ግን ቁልፉን ከተጫንኩበት ሰከንድ ጀምሮ በሙሉ ኃይሉ ዞረ፤ ዝቅም አላለ። ሙቀቱን ሳየው ገና 34 ዲግሪ ነው። ቀዝቃዛ ላፕቶፕ ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚዞር ፋን ትእዛዝ አይሰማም ማለት ነው።

ከታች ስከፍተው ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየ። የዚህ ላፕቶፕ ፋን አራት ሽቦ ነው ያለው። ሁለቱ ኃይል ይሰጡታል። ሦስተኛው ፋኑ በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ ለቦርዱ ይናገራል። አራተኛው ከቦርዱ የሚመጣው የፍጥነት ትእዛዝ ነው። ጥገና ቤቱ የገጠመው ከሌላ ላፕቶፕ የተነቀለ ባለ ሦስት ሽቦ ፋን ነበር። ሶኬቱ ስላልገጠመ ሽቦዎቹን ቆርጠው፣ ጠምዝዘው፣ በፕላስተር አሰሩት። የትእዛዙ ሽቦ ጫፉ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ፋን ኃይል ብቻ ስለሚያገኝ ሌት ተቀን በሙሉ ፍጥነት ይዞራል። የፍጥነት መናገሪያው ሽቦም ሲቆረጥ አንዳንድ ላፕቶፖች ሲበሩ `Fan error` ብለው ይቆማሉ። ባለ ሦስት ሽቦ ፋን ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም፤ ተፈጥሯቸው እንደዚያ የሆነ ላፕቶፖች አሉ። የሽቦው ብዛትና ሶኬቱ ከቀድሞው ጋር መመሳሰል አለባቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ፋኑና ሙቀቱን የሚያስወጡት የመዳብ ክንፎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የተደራረበው አቧራ እንዳለ ነበር። የመጀመሪያው ጩኸት ምክንያት እሱ ነው። ፋኑን አውጥተው፣ አቧራውን እያዩ፣ አልጠረጉትም።

ደግነቱ ወንድሜ አሮጌውን ፋን ተቀብሎ ነበር። በጣቴ ሳዞረው ያለምንም መንገጫገጭ ዞረ። ባትሪውን ነቀልኩ፣ ክንፎቹን በብሩሽና በብሎወር አጸዳሁ (ብሎወር ስትጠቀሙ ፋኑን በጣት ያዙት፤ እንደፈለገ ከዞረ ይበላሻል)፣ የደረቀውን ፔስት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ የራሱን ፋን መለስኩ። አሁን ሥራ ሳይኖር 46 ዲግሪ ላይ ነው፤ ፋኑም አይሰማም። ጥገና ቤቱ ግን «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ብሩን አልመለሰም። ደረሰኝ ስላልሰጡት ንግድ መምሪያ ሄዶ ለማመልከትም የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ስለዚህ እባካችሁ ላፕቶፑ እናንተ ፊት ይከፈት። አቧራውን እዩ፣ መጀመሪያ የጽዳትና የፔስት ዋጋ ጠይቁ። ፋን ይቀየር ከተባለ ደግሞ አሮጌውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጀርባው ላይ ሞዴሉ ተጽፏል፤ የሚገጠመው እሱ ወይም ለዚያው ላፕቶፕ የተሠራ መሆን አለበት። አሮጌውን ሳትቀበሉ፣ የዕቃውና የእጅ ዋጋ ተለይቶ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። ትክክለኛው ፋን እዚህ ጠፍቶ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነም ጠብቁ። ሽቦ ቆርጠን እናገናኘዋለን ካሏችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ውጡ።