የወርቅ ውል ማሸጋገሪያ፦ በቀን መቁጠሪያ ወይስ በግብይት መጠን?

በኒውዮርኩ ኮሜክስ የወርቅ የወደፊት ውል ዋጋን የሚከታተል ፕሮግራም፣ ውሉ ሊያበቃ ሲቃረብ ወደ ቀጣዩ የሚሸጋገርበትን ጊዜ በሁለት መንገድ ሊወስን ይችላል።

አንደኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። የርክክብ ማስታወቂያ መውጣት የሚጀምረው ከርክክቡ ወር በፊት ባለው ወር የመጨረሻ የሥራ ቀን በመሆኑ፣ ፕሮግራሙ ከዚያ አምስት የሥራ ቀናት ቀድሞ እንዲሸጋገር ማዘዝ ቀላል ነው። ችግሩ የሚታየው በኦገስቱ ውል ላይ ነው፤ ከ GCQ ቀጥሎ በጥንድ ወራት ተራ የሚመጣው የኦክቶበሩ GCV ቢሆንም፣ አብዛኛው ነጋዴ የሚያልፈው በቀጥታ ወደ ዲሴምበሩ GCZ ስለሆነ፣ ቀን ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም ግብይቱ በሳሳበት ውል ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው የውሎቹን ዕለታዊ የግብይት መጠን አወዳድሮ ብልጫ ወዳለው መሸጋገር ነው። ይህኛው GCZን በራሱ ያገኘዋል፤ ነገር ግን አንድ የበዓል ቀን እንዳያሳስተው ብልጫው ለሁለት ተከታታይ ቀናት መጽናት አለበት። እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ መረጃ ቢቋረጥ ግን ማስታወቂያው ሳይደርስ መውጣት ግድ ስለሆነ፣ ቀኑን የመጨረሻ ገደብ አደርገዋለሁ።

በየትኛውም መንገድ፣ አሮጌው ውል 2400 አዲሱ 2420 ዶላር ቢሆን፣ አንድ ውል 100 አውንስ ነውና ያልታረመ ፕሮግራም በተገዛ አንድ ውል ላይ የሌለ የ2000 ዶላር ትርፍ ይመዘግባል፤ ስለዚህ የቀድሞ ዋጋዎችና የማንቂያ ወሰኖች በዚያው ቅጽበት በ20 ዶላር ከፍ ይደረጋሉ።