ሰፊ ጥለት ወይስ ቀጭን? ለአንድ ነጠላ ብቻ ገንዘብ ሲኖር

ለበዓልም ለለቅሶም የሚሆን አንድ ነጠላ ለመግዛት ሽሮ ሜዳ የወጣ ሰው ከሁለት ዓይነት ጥለት መምረጥ ይኖርበታል።

ሰፊና ደማቅ ጥለት፦ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የበዙበት ጥለት ለሠርግ፣ ለጥምቀትና ለእንቁጣጣሽ ነው። ሸማኔው ባለቀለሙን ክር በማጉ መካከል በእጁ እየለቀመ ስለሚያስገባ ጥለቱ በሰፋ ቁጥር ሥራው ይረዝማል፤ ዋጋውም ይጨምራል። አደጋው ቀለሙ ነው። ክሩ የሚለቅ ከሆነ በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ሸማ ይበላሻል። ከመግዛት በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥለቱ ላይ አሽቶ ማየት ይበቃል።

ቀጭን ጥለት፦ ነጭ ወይም ደብዘዝ ያለ ጥለት ለቤተ ክርስቲያን ይስማማል። ዋጋው ይቀንሳል፣ አጠባውም አያስጨንቅም። ሠርግ ላይ ግን ይደበዝዛል።

ለቅሶ ላይ ከቀለሙ ይልቅ አለባበሱ ይናገራል። በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል፤ በሐዘን ቀን ነጠላው ተገልብጦ ጥለቱ ወደ ትከሻና አንገት ይወጣል። ስለዚህ ደማቅ ነጠላ ያላት ሴት ድንገት መርዶ ቢመጣባት ገልብጣ ለብሳ መሄድ ትችላለች። የቅርብ ዘመድ ከሆነች ግን ይህ አይበቃትም፤ ጥቁር መልበስ ይጠበቅባታል።

ሠርግና ክርስትና ለሚበዛባት ሰፊውን እመርጥላታለሁ። ዘወትር ቤተ ክርስቲያን ለምትሳለም ቀጭኑ ይሻላል።