«ቤትዎ ስንት እንደሚያወጣ በነፃ ልንገርዎ» ለሚል መልእክት ቶሎ አትፈርሙ

ሜሪላንድ ቤት ላላችሁ ወገኖች፦ «በሰፈርዎ የምሠራ ኤጀንት ነኝ፤ ጎረቤትዎ ያለው ቤት በጥሩ ዋጋ ተሽጧል፤ የእርስዎን ግምት በነፃ ልላክልዎ» የሚል መልእክት የደረሳችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ግምቱን መቀበል በራሱ አይጎዳም። ጉዳቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። አዲስ ኤጀንት የሚያሳየው የሽያጭ ታሪክ ስለሌለው አንዳንዱ ፊርማችሁን የሚያገኘው ከሌላው ከፍ ያለ ዋጋ በመጥራት ነው። ይህ ግምት ፈቃድ ያለው የቤት ዋጋ ገማች፣ ማለትም አፕሬይዘር፣ የሚሠራው አይደለም፤ ባንክም ብድር አይሰጥበትም።

እንበል በአካባቢያችሁ ባለፉት አራት ወራት የእናንተን የሚመስሉ ሦስት ቤቶች በ525፣ በ540 እና በ555 ሺህ ተሽጠዋል። የ555ቱ ቤዝመንቱ የተጨረሰ ነው፣ የእናንተ ግን አይደለም። ስለዚህ እውነተኛው ዋጋ 540 አካባቢ ነው። ኤጀንቱ 610 ይላል። ቤቱ በ610 ሲወጣ ኢንተርኔት ላይ «እስከ 550» ብሎ የሚፈልገው ገዢ ጨርሶ አያየውም። እስከ 620 የሚፈልገው ደግሞ በዚያው ብር ሰፋ ያለ ቤት ያገኛል። አዲስ የወጣ ቤት በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ እነሱ በከንቱ ያልፋሉ። ከዚያ «ዋጋ እንቀንስ» ይመጣል፣ ገዢውም «ይህ ቤት ምን ሆኖ ነው የቆየው?» ማለት ይጀምራል። ቢቀናችሁና 600 የሚከፍል ብታገኙ እንኳ የባንኩ አፕሬይዘር 540 ካለ፣ ባንኩ የሚያበድረው በ540 አስልቶ ነው። ገዢው 60 ሺህውን ከኪሱ ይጨምራል፣ አለዚያ ዋጋ ቀንሱ ይላል፣ ወይም ውሉ ፈቅዶለት ይወጣል።

ስለዚህ ግምቱን ሲልክ የተነጻጸሩትን ቤቶች አድራሻ፣ የተሸጡበትን ዋጋና ቀን ጠይቁ። ገና ገበያ ላይ ያለ ቤት ዋጋ ማስረጃ አይደለም፤ የባለቤቱ ምኞት ነው። አድራሻዎቹን በስቴቱ ነፃ መዝገብ፣ SDAT Real Property Search ላይ አስገብታችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ። አድራሻ መስጠት ካስቸገረው መልሱን አግኝታችኋል።

«ሪፖርቱን ለመቀበል እዚህ ይፈርሙ» ካለ ቁሙ። ግምት ለማየት ፊርማ አያስፈልግም። የምትፈርሙት ኤጀንቱ ቤቱን እንዲሸጥላችሁ የሚያደርግ ውል ከሆነ፣ ብቸኛ የመሸጥ መብት የሚሰጠው ዓይነት ገዢውን ራሳችሁ ብታመጡትም፣ የአጎታችሁ ልጅ ቢሆን እንኳ፣ ኮሚሽን ያስከፍላል። ጊዜው ስንት ወር እንደሆነና ውሉ ካለቀ በኋላ ኮሚሽን የሚጠየቅበት ተጨማሪ ጊዜ መኖሩን እዩ፤ 90 ቀን ብላችሁ መደራደር ትችላላችሁ። የፍሎሪዳው የቤት ሽያጭ ኩባንያ ኤምቪ ሪልቲ ለባለቤቶች ትንሽ ገንዘብ ሰጥቶ የ40 ዓመት ውል ያስፈርም ነበር፤ የፍሎሪዳ ዐቃቤ ሕግ በ2022 ከሶታል።

ለማያውቃችሁ ኤጀንት የቀራችሁን የሞርጌጅ ዕዳና «ከዚህ በታች አልሸጥም» የምትሉትን ዋጋ በመልእክት አትጻፉለት።