ቨርዥኑን ልጠይቅ ወይስ ናሙናውን?

ኮምቦልቻ ካለ መጋዘን እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ እንበል፦ «ወንድሜ፣ የገቢ ዕቃ ፋይል አለኝ፤ በፓይተን በየወሩ ደምርልኝ።» አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ቢፈቀድልኝ የቱን ልምረጥ፦ የፓይተን ቨርዥኑን ወይስ የፋይሉን ናሙና?

የፓይተን ቨርዥን ካልገጠመ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ ይጮኻል። `match` በ3.9 ላይ `SyntaxError` ይሰጣል። ሰውየው ያንን ይልክልናል፣ እናስተካክላለን።

የፋይሉ አጻጻፍ ግን ዝም ብሎ ያሳስታል። አንድ መስመርና የሚጠበቀውን ውጤት ላክልኝ ብንለው ይህ ይመጣል፦

```
12/02/2016,50
ጥቅምት 2016: 50
```

ሁለተኛው መስመር ነው ጉዱን የሚያወጣው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ቀን ይቀድማል። ይህን ሳናውቅ `%d/%m/%Y` ብለን ብናነበው ፓይተን ፌብሩዋሪ 12 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ድምሩ በተሳሳተ ወር ስም ይወጣል፣ ስህተት ነው የሚል መልእክትም አይመጣም። `ValueError` የሚመጣው 30/02 ላይ ሲደርስ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የላትማ! ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች ትወድቃለች። ፋይሉ እነዚህን ቀኖች ካልያዘ ግን ምንም ምልክት የለም።

ስለዚህ እኔ ናሙናውን ከነውጤቱ አስቀድማለሁ። ቨርዥኑ የሚቀድመው ኮዱ ቀድሞ ተጽፎ አልሠራ ሲል ነው። ያኔም የስህተት መልእክቱ ሙሉውን ይላክ።