ጥርት ያለ የሄልሜት መስታወት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ እና የተስተካከለ የፊት መብራት፦ ከ11 ወራት የሌሊት ጉዞ በኋላ

ሥራዬ የሚያልቀው ከመሸ በኋላ ስለሆነ በሳምንት ቢያንስ አራት ሌሊት በሞተር ሳይክል ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ከ11 ወራት በፊት ጥርት ያለ የሄልሜት መስታወት፣ መስታወቱን ትንፋሽ እንዳይጋርደው ከውስጥ የሚለጠፍ ሽፋንና አንጸባራቂ ሰደርያ በአንድ ጊዜ ገዛሁ። ከዚያ በፊት የምጠቀምበት መስታወት ጥቁር ቅብ ያለው ነበር፤ ቀን ላይ ከፀሐይ ስለሚያሳርፈኝ ሌሊትም ሳልቀይረው እነዳ ነበር። ይህ ከባድ ስሕተት እንደነበረ የገባኝ በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሄልሜት ደንብ ቁጥር 22 መሠረት ለሌሊት የሚሆን መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን ቢያንስ 80 በመቶውን ማሳለፍ እንዳለበት ሳነብ ነው። ከዚያ በታች የሚያሳልፈው መስታወት «ለቀን ብቻ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። አሮጌውን መስታወቴን አገላብጬ ሳየው ያው ምልክት ጥጉ ላይ በትንሹ ታትሞ አገኘሁት።

ጥርት ያለው መስታወት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሰጠኝ ልዩነት ትልቅ ነበር። በተለይ የአስፋልቱ ዳር ከአፈሩ የሚለይበት መስመር፣ ጥቁር የለበሱ እግረኞችና መብራት የሌላቸው ጋሪዎች ቀድመው ይታዩኝ ጀመር። በአራተኛው ወር ግን ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሁሉ በዙሪያው ጭረት ጭረት ያለ ክብ ብርሃን ይዞ ይታየኝና ዓይኔን ያጥበረብረው ጀመር። መጀመሪያ ዓይኔ የደከመ መስሎኝ ነበር። ነገሩን የለየሁት መስታወቱን ከሄልሜቱ ፈትቼ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአንዲት ትንሽ አምፖል ፊት ለፊት በመያዝ ነው። መስታወቱን ቀስ እያልኩ ሳዞረው ቀን ላይ ፈጽሞ የማይታዩ ቀጫጭን ጭረቶች አምፖሏን እንደ ሸረሪት ድር ከበቧት። የሄልሜት መስታወት የሚሠራበት ፖሊካርቦኔት ሲመታ በቀላሉ የማይሰበር ቢሆንም ገጹ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል፤ እያንዳንዱ ጭረት ደግሞ ብርሃኑን ወደ ጎን ይበትነዋል። ቀን ላይ ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ይህ አይስተዋልም። ሌሊት ግን ዙሪያው ጨለማ ሆኖ አንድ ብርቱ መብራት ብቻ ሲመጣ የተበተነው ብርሃን ከጀርባው ያለውን ሁሉ ይጋርዳል።

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የመስታወቱ አልነበረም። በየማታው ከመነሳቴ በፊት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ፣ አንዳንዴም በጓንቴ እጠርግ ነበር፤ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ደግሞ በደረቁ ሲታሽ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ይሠራል። በስድስተኛው ወር ሁለተኛ መስታወት ገዝቼ አጸዳዴን ቀየርኩ። አሁን ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክሬ መስታወቱ ላይ አሳርፈዋለሁ፤ የደረቀው አቧራና የነፍሳት ቅሪት እስኪለሰልስ አምስት ደቂቃ ያህል እተወዋለሁ። ከዚያ ሳላሽ በብዙ ውኃ አለቀልቀዋለሁ፤ ቅባት ካለበት ብቻ በጣም ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጣቴ እጨምራለሁ። ቤንዚንም ሆነ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ መስታወቱን በጭራሽ መንካት የለባቸውም፤ ፖሊካርቦኔቱን ወይም በላዩ ያለውን ጭረት መከላከያ ቅብ ያበላሹታል። ሁለተኛው መስታወት አምስት ወር አገልግሎ በአምፖሉ ፈተና የታዩበት ሦስት ቀጫጭን ጭረቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከእይታ መስመሬ ውጭ ናቸው።

ከውስጥ የሚለጠፈው ሽፋን ከጠበቅኩት በላይ ጠቅሞኛል። በራሱና በመስታወቱ መካከል አየር ዘግቶ ስለሚይዝና እርጥበትንም ስለሚመጥ፣ በዝናብና በብርድ ሌሊት የገዛ ትንፋሼ መስታወቱን አይጋርደውም፤ ድሮ በየመብራቱ ስቆም መስታወቱን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ሁለት ጉድለቶች ግን አሉበት። አንደኛው፣ ከሩቅ የሚመጣ ብርቱ መብራት አንዳንዴ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ከዋናው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ደብዛዛ ጥላ ይከተለዋል። አንድ ሳምንት ውስጥ ለመድኩት፤ ለማይለምደው ሰው ግን የሚያውክ ነው። ሁለተኛው፣ በስምንተኛው ወር በሽፋኑ ዙሪያ ያለው የሲሊኮን ጠርዝ ከመስታወቱ ስለላላ በመካከላቸው እርጥበት ገባ። ሽፋኑን የሚይዙት ሁለት ችንካሮች የሚዞሩበት ነጥብ መሐላቸው ላይ ስላልሆነ ሲዞሩ ሽፋኑን ያጠብቁታል፤ በጥቂቱ ሳዞራቸው ችግሩ ተወገደ።

ሦስተኛውና ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ነገር የፊት መብራቱ ነው። ከእኅቴ ጋር ሆኜ በምነዳባቸው ሌሊቶች ከፊት የሚመጡ ሾፌሮች አጭሩን መብራት አብርቼ እያለሁ እንኳ ረጅሙን ያበራሁ መስሏቸው ያብለጨልጩብኝ ነበር። እኔም በበኩሌ ጎማዬ ፊት ያለውን መንገድ በደንብ አላይም ነበር፤ ብርሃኑ ዛፎቹ ላይ ነበር የሚያርፈው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው አምፖሉን በብርቱ መቀየር ነው። ነገር ግን ያለ ቦታው የሚያርፍ ብርሃን ሲጨምር የሚጨምረው ማጥበርበሩ ነው። ለክር አምፖል በተሠራ ቤት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል ሲገባ ደግሞ የብርሃኑ ምንጭ ክሩ ከሚቀመጥበት ቦታ ከተዛነፈ ጨረሩ ይበተናል። እኔ አምፖሉን ትቼ አቅጣጫውን ለካሁ።

ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ የሞተሩን የፊት መብራት ከግድግዳ 5 ሜትር አራቅኩት፤ ሁለቱንም ጎማዎች በትክክለኛው ነፋስ ሞላሁ፤ ሁልጊዜ የምይዘውንም ቦርሳ ለበስኩ። ሞተሩ ላይ ተቀምጬ ቀጥ አድርጌ ስይዘው እኅቴ ከመሬት እስከ መብራቱ መካከል ያለውን ለካች፤ 80 ሴንቲሜትር ሆነ። ሞተሩ በጎን ማቆሚያው ቆሞ ቢለካ ልኬቱ ዋጋ የለውም፤ ሰው ሲቀመጥበት የኋላው ሞላ ይረግጣል፣ መብራቱም ቀና ይላል። አጭሩን መብራት አብርቼ ግድግዳው ላይ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ያረፈበትን በጠመኔ አሰመርን፤ 78 ሴንቲሜትር ላይ ነበር፤ ማለትም በ5 ሜትር ርቀት ዝቅ የሚለው በ2 ሴንቲሜትር ወይም በ0.4 በመቶ ብቻ ነበር። የሞተር ሳይክል መብራት አገጣጠምን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 53 አጭሩ መብራት ከ0.5 እስከ 2.5 በመቶ ዝቅ እንዲል ስለሚፈቅድ የእኔ ብቻዬን ስነዳም ከልኩ ከፍ ያለ ነበር። እኅቴ ከኋላዬ ስትቀመጥ የኋላው 3 ሴንቲሜትር ረገጠ፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 130 ሴንቲሜትር ስለሆነ ይህ 2.3 በመቶ ቀና ማለት ነው፤ ጠርዙም ግድግዳው ላይ ወደ 89 ሴንቲሜትር ወጣ። ከመብራቱ ከፍታ በላይ ያረፈ ጠርዝ ማለት መሬት ሳይነካ በቀጥታ ወደ ሾፌሮቹ ዓይን የሚሄድ ብርሃን ማለት ነው።

ከመብራቱ ሥር ያለውን የማስተካከያ ቡሎን በካቻቢቴ እያዞርኩ፣ ብቻዬን ስቀመጥ ጠርዙ ከመብራቱ መካከል 7.5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ 72.5 ላይ እንዲያርፍ አደረግሁት፤ ይህም 1.5 በመቶ ዝቅታ ነው። ሰው ስጭን ደግሞ የኋላውን ሞላ ማጠንከሪያ ሦስት እርከን ከፍ አደርገዋለሁ፤ ያኔ የኋላው ተጨማሪ የሚረግጠው 1 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጠርዙ 76 አካባቢ ይቆያል። ብቻዬን ስሆን እመልሰዋለሁ። ይህን ካደረግሁ ወዲህ ያብለጨለጨብኝ ሾፌር ትዝ አይለኝም፤ የመንገዱም ጉድጓድ በግልጽ ይታየኛል።

ይህ ልኬት በምን ያህል ፍጥነት መንዳት እንደምችልም ያሳያል። መብራቱ 80 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ጨረሩ በየ100 ሜትሩ 1.5 ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ የላይኛው ጠርዝ መንገዱን የሚነካው 53 ሜትር ላይ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስነዳ ነገሩን አይቶ ፍሬን ለመያዝ 1.5 ሰከንድ ቢወስድብኝ 25 ሜትር እሄዳለሁ፤ በደረቅ አስፋልት በደንብ ፍሬን ይዤ ለመቆም ሌላ 23 ሜትር ያህል ያስፈልገኛል። በድምሩ 48 ሜትር ነው፤ ለጥቂት ይበቃል። በ80 ግን ድምሩ ከ70 ሜትር ያልፋል፤ በአጭሩ መብራት ብቻ ከሆነ ከማየው ርቀት አልፌ ነው የምነዳው። በዚህ ምክንያት ከፊት መኪና በሚመጣበት መንገድ ላይ ከ60 አልፌ መንዳት ትቻለሁ።

ሰደርያውን በተመለከተ አጭር መሆን እችላለሁ። ብርማ መስመሮቹ መብራቱን ወደመጣበት አቅጣጫ ስለሚመልሱ ከኋላዬ ላለ ሾፌር እንደ መብራት ይታያሉ፤ ደማቅ ቢጫው ጨርቅ ግን የሚደምቀው ከቀን ብርሃንና ከማምሻ ብርሃን ጋር እንጂ በመኪና መብራት ስላልሆነ ሌሊት ያለው ጥቅም ትንሽ ነው። መስመሮቹን የምፈትነው ጨለማ ውስጥ ሰደርያውን 20 እርምጃ አርቄ ሰቅዬ፣ የእጅ ባትሪን ዓይኔ አጠገብ ይዤ በማብራት ነው፤ ባትሪውን ከዓይኔ ካራቅኩት ብርሃኑ ወደ ዓይኔ ስለማይመለስ ፈተናው ያሳስታል። ከወራት እጥበት በኋላ የትከሻዬ መስመሮች፣ ማለትም ቦርሳው ሁልጊዜ የሚያሻቸው፣ ደብዝዘዋል፤ የጀርባዎቹ ደህና ናቸው፣ ነገር ግን ቦርሳው ይሸፍናቸዋል። ስለዚህ ቦርሳው ላይ ራሱ አንጸባራቂ ቴፕ ሰፋሁ፣ ከሄልሜቱ ጀርባና ከሁለቱ ጎማዎች ቸርኬ ላይም ለጠፍኩ። የቸርኬው ቴፕ የሚሠራው ከመስቀለኛ መንገድ ጎን የሚመጣ መኪና መብራቱ ሲያርፍበት ነው፤ መብራቱ ሳይደርስብኝ ወደ መንገዱ የሚገባን ሾፌር አያስቆመውም።

እስካሁን ያልተፈታልኝ የመታጠፊያው ጉዳይ ነው። ሞተሩ ወደ ግራ ሲዘም የብርሃኑም ጠርዝ አብሮ ይዘምና የግራው ጫፍ ወደ ጎማዬ ይጠጋል፤ ስለዚህ የምሄድበት የመታጠፊያው ውስጠኛ ክፍል ጨለማ ይሆናል፤ መስታወትም ሆነ ቡሎን ይህን አያስተካክለውም። የማደርገው ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነቴን ቀንሼ ብዙም ሳልዘም መግባት ብቻ ነው።